የተሰበረችውን መርከብ የደበቀው ደብዳቤ

ሦስት መርከቦች ሄዱ፤ ሁለት ተመለሱ። የጉዞው መሪ ስለ ጉዞው በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ግን ሦስተኛዋ መርከብ ምን እንደገጠማት የሚናገር አንድ መስመር የለም።

ደብዳቤው የክርስቶፎር ኮሎምበስ ነው። የተጻፈው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1493 ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ከመጀመሪያው ጉዞው ሲመለስ፣ ገና ባሕር ላይ እያለ የጻፈው ነው። ከዓይን ምስክር የመጣ፣ ጉዳዩ ሳይበርድ የተጻፈ ሰነድ ነው። የታሪክ ተማሪ «የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ አምጣ» ቢባል ከዚህ የተሻለ የት ያገኛል?

እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት በዚሁ መንፈስ ነበር። «ኩባ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድምር ትበልጣለች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማስታወሻዬ ላይ ገልብጬ ከጎኑ «የዓይን ምስክር» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ካርታ ከፍቼ ሳየው ደነገጥኩ። ኩባ ወደ 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። እንግሊዝና ስኮትላንድ ሲደመሩ 208,000 አካባቢ ይሆናሉ። ግማሽ በግማሽ ስህተት ነው። ሰውዬው ዋሸ? ተሳሳተ? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ደብዳቤውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እንደገና ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህኛው ንባብ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይዤ ነበር፦ ማን ጻፈው? መቼ? ለምን?

«ማን» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ኮሎምበስ ነዋ! ግን ስም መልስ አይሆንም። ጥያቄው ሰውዬው ያን ቀን ምን ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ነበር የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ከደብዳቤው ወጥቶ ሌላ ወረቀት ማየት ያስፈልጋል። ኮሎምበስ ከመነሳቱ በፊት፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1492፣ ከስፔን ነገሥታት ከፈርዲናንድና ከኢዛቤላ ጋር ውል ነበረው። በውሉ መሠረት በሚያገኛቸው ደሴቶችና አገሮች ሁሉ ላይ አድሚራል ይሆናል። የነገሥታቱ እንደራሴና ገዥም ይሆናል። ከዚያ ከሚገኘው ወርቅ፣ ዕንቁ፣ ቅመምና ሌላ ሸቀጥም ከመቶ 10 የእሱ ነው።

አሁን የደብዳቤውን መጨረሻ እንይ። ፊርማው «አድሚራሉ» ይላል። ስሙ የለም። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ዝም ብዬ አልፌው ነበር። ማዕረጉ ግን የሚጸናው አገር ካገኘ ብቻ ነው። ያገኘው አገር ዋጋ ቢስ ከሆነ ደግሞ ማዕረጉም ከመቶ አሥሩም ወረቀት ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ፊርማው ራሱ «ውሉን ፈጽሜያለሁ፣ የእናንተን ፈጽሙ» የሚል ጥያቄ ነው። ወርቁን የሚቆጥርልን ሰው ከወርቁ ድርሻ አለው።

ታዲያ «ለምን» የሚለው እዚሁ ተመለሰ ማለት ነው? ከፊሉ ብቻ። የቀረውን ለማግኘት ደብዳቤው ለማን እንደተላከ ማየት ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ለነገሥታቱ አይደለም። የስፓኒሽኛው ቅጂ የተላከው ለሉዊስ ዴ ሳንታንኼል ነው። ይህ ሰው የቤተ መንግሥቱ የገንዘብ ባለሥልጣን ነው፤ ለጉዞው ብር ያመቻቸውም እሱ ነው። በዛሬ ቋንቋ ኮሎምበስ ለኢንቨስተሩ እየጻፈ ነው ማለት ይቻላል። ደብዳቤው በዚያው ዓመት ባርሴሎና ውስጥ ታተመ፤ ቤተ መንግሥቱ ያኔ የነበረው እዚያ ነው። ወዲያው ወደ ላቲን ተተርጉሞ ሮም ታተመ፤ ከዚያም በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ተሰራጨ። በግል ደብዳቤ መልክ የተጻፈ፣ ብዙ ሰው እንዲያነበው የሆነ ጽሑፍ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ ደራሲው የሚያሳፍረውን ነገር መፈለግ፣ ከዕቃ ማስታወቂያ ላይ የዕቃውን ጉድለት መፈለግ ነው።

ጉድለቱ ደግሞ ትልቅ ነበር።

የጉዞው ዕለታዊ መዝገብ ስለ 1492 የገና ዋዜማ ምሽት በዝርዝር ይናገራል። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ኮሎምበስ ሁለት ቀን በቅጡ ስላልተኛ ሌሊት 5 ሰዓት ገደማ ጋደም አለ። መሪውን የያዘው መርከበኛም እንቅልፍ አሸነፈውና መሪውን ለአንድ ልጅ ሰጠ። ይህ ደግሞ በጉዞው ሁሉ የተከለከለ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ እሱ የተሳፈረባት መርከብ «ሳንታ ማሪያ» ቀስ ብላ አሸዋ ላይ ወጣች። ኮሎምበስ ሰዎቹን በጀልባ ወርደው በኋላዋ በኩል መልሕቅ እንዲጥሉ አዘዘ። እነሱ ግን ጀልባዋን ይዘው ወደ ሌላዋ መርከብ፣ ወደ «ኒኛ» ሸሹ፤ «ኒኛ» ላይ ያሉትም አናስገባም ብለው መለሷቸው። መርከቧ ተሰበረች። የአካባቢው አለቃ ጓካናጋሪ ታንኳዎች ልኮ ዕቃውን ሁሉ አወረደላቸው። አንዲት ክር እንኳ አልጠፋችም ይላል መዝገቡ። ሁሉም ሰው «ኒኛ» ላይ ስለማይበቃ 39 ያህል ሰዎች እዚያው ቀሩ። ከመርከቧ እንጨት ምሽግ ተሠራላቸው፤ «ናቪዳድ» ተባለ፣ ገና ማለት ነው።

ይኸው ታሪክ ደብዳቤው ውስጥ እንዴት ሆኖ ወጣ መሰላችሁ? ለወርቅ ማዕድንና ለንግድ እጅግ የሚመች ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ከተማ ያዝኩ ይላል። ስሙን ናቪዳድ አልኩት። ምሽግ ሠራሁ፤ የሚበቁ ሰዎች፣ መሣሪያና ከዓመት በላይ የሚሆን ስንቅ ትቻለሁ። አንዲት ጀልባና ሌሎች የሚሠራ ባለሙያም አሉ። ከአገሩ ንጉሥ ጋር ወንድማማች ሆነናል። አለቀ። የተሰበረች መርከብ የለችም። እንቅልፍ የለም፤ መሪ የጨበጠ ልጅ የለም። ቦታ ስላጡ የቀሩት ሰዎች በዕቅድ የተተከለ ሰፈር ሆነዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ተመለከትኳቸው። የሚገርመው አብዛኞቹ ውሸት አይደሉም። ምሽግ አለ። ሰዎች አሉ። ስንቅም ጓካናጋሪም አሉ። የተጣመመው ምክንያቱ ነው። ምንጭን ስንመረምር «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብለን ብቻ ብንጠይቅ ይህ አንቀጽ ሳይነካ ያልፍ ነበር። እኔን ያስቆመኝ «ይህ ሰው ይህን ለዚህ አንባቢ ሲጽፍ ምን መተው ይፈልጋል?» የሚለው ነው።

ሌላም የተተወ አለ። ከሦስቱ መርከቦች የ«ፒንታ» አለቃ የነበረው ማርቲን አሎንሶ ፒንሶን በኖቬምበር ከኮሎምበስ ተለይቶ በራሱ መንገድ ሄዶ ነበር። የተገናኙት ጃንዋሪ 6 ላይ ነው። በመዝገቡ ኮሎምበስ በዚህ ነገር እጅግ ተናዷል። በደብዳቤው ውስጥ የፒንሶን ስም የለም።

ግን ሰው የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ አንድ ቦታ ያመልጠዋል። ደብዳቤው መሐል ላይ ኮሎምበስ «መርከቦቹ እንደሚገባው ቢያገለግሉኝ ኖሮ ከዚህ እጅግ የበለጠ አደርግ ነበር» ይላል። ወዲያው ወደ ምስጋናና ወደ እግዚአብሔር ቸርነት ይዞራል። ሳንታንኼል ይህን ሲያነብ ምን እንዳሰበ ባውቅ ደስ ባለኝ። መርከቦቹ ምን ሆኑ? ከላይ በተነገረው ታሪክ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ይህች ዓረፍተ ነገር ቅሬታ ናት፤ የቅሬታው ምክንያት ግን ተቆርጦ ወጥቷል። በእኔ ግምት በደብዳቤው ውስጥ ካሉት ሁሉ ውድዋ ዓረፍተ ነገር ይህች ናት። ደራሲው ልናውቅ የማይፈልገው ነገር እንዳለ ራሱ ነገረን።

«መቼ» ወደሚለው ልምጣ። ደብዳቤው «በመርከብ ላይ፣ በካናሪ ደሴቶች አካባቢ፣ ፌብሩዋሪ 15» ብሎ ይዘጋል። መዝገቡ ግን ሌላ ይላል። ፌብሩዋሪ 14 ማዕበሉ ከባድ ስለነበር ኮሎምበስ የጉዞውን ታሪክ በብራና ጽፎ፣ በሰም በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በርሜል ውስጥ ከትቶ ባሕር ላይ ጣለው። ብንሰምጥ እንኳ ወሬው ይድረስ ብሎ ነው። በማግስቱ፣ ደብዳቤው ተጻፈ በተባለበት ቀን፣ መሬት ታየ። አንዳንዱ መርከበኛ ይህ ነው፣ ሌላው ያ ነው ሲል ኮሎምበስ የአዞረስ ደሴቶች ናቸው አለ። ልክ ነበር። አዞረስና ካናሪ ደግሞ አንድ ሰፈር አይደሉም፤ በመካከላቸው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አለ። ያን ቀን አዞረስ መሆኑን ያወቀ መርከበኛ ካናሪ ብሎ እንዴት ይጽፋል?

ለዚህ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንዱ ስህተቱ የገልባጩ ወይም የአታሚው ነው የሚል ነው። ሌላው ሆን ተብሎ ነው ይላል። አዞረስ የፖርቱጋል ነበሩ። ካናሪ የስፔን። በ1479 በተፈረመ ውል ከካናሪ በስተደቡብ የሚገኝ አዲስ አገር ለፖርቱጋል የሚያደላ ነበር፤ ኮሎምበስ በማርች ሊስቦን ሲደርስም የፖርቱጋሉ ንጉሥ በዚሁ ውል አገሮቹ የእኔ ናቸው ብሎ ተከራክሯል። ስለዚህ ከየት በኩል እንደመጣ የሚያሳይ ፍንጭ ሁሉ ፖለቲካ ነበረው። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ግን አልምልም። ለሥራዬ የሚበቃኝ ይህ ነው፦ ይህ ደብዳቤ መርከቧ ያን ቀን የት እንደነበረች ማስረጃ አይሆንም። ቀኑንም እንደ አንድ ቀን አልወስደውም። ሊስቦን ከደረሰ በኋላ የተጨመረ አባሪ ስላለው ጽሑፉ ከአንድ ጊዜ በላይ እጅ ገብቶበታል።

አሁን ወደ ኩባ ልመለስ፤ ያ ዓረፍተ ነገር ዕረፍት ነስቶኝ ነበርና። ቀጥሎ ያለውን ሳላነብ ነበር የገለበጥኩት። (ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የኮሎምበስ አይደለም።) ሙሉው እንዲህ ነው፤ ሊግ የድሮ የርቀት መለኪያ ነው፦ በባሕሩ ዳር 107 ሊግ ያህል ሄድኩ፤ ስለዚህ ይህች ደሴት ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድምር ትበልጣለች ማለት እችላለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ በምዕራብ በኩል ያልሄድኩባቸው ሁለት አውራጃዎች ይቀራሉ፤ አንደኛው ሰዎች ጭራ ይዘው የሚወለዱበት ነው።

እንግዲህ እዩት። ስፋቱን የለካው ባላየው መሬት ነው። ስላላየው መሬት የነገሩትም፣ ቋንቋቸውን የማያውቀው ሰዎች ናቸው። እሱ ራሱ በመጀመሪያዋ ደሴት ጥቂት ሰዎችን በኃይል እንደያዘና በንግግርም በምልክትም እንደተግባባ ጽፏል። በጥቂት ወር ምልክት ምን ያህል መግባባት ይቻላል? «የዓይን ምስክር» ብዬ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዓይን ያየው 107 ሊጉ ብቻ ነው። ሌላው ወሬና ምኞት ነው። አንድ ምስክር እዚያው ነበር ማለት የሚናገረውን ሁሉ አየ ማለት አይደለም።

የወፏም ነገር እንዲሁ ነው። በኖቬምበር ናይቲንጌል ስትዘምር ሰማሁ ይላል። ናይቲንጌል የአሜሪካ ወፍ አይደለችም። ሌላ ወፍ ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ዘፋኝ ነበረች ማለት ነው። ይህን ውሸት አልለውም። ለአውሮፓ አንባቢ ገነት የሚመስል አገር ሊያሳይ ሲፈልግ እጁ ላይ የነበረው የገነት ቃል ያ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ደብዳቤውን ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ያ ደግሞ ሌላ ስንፍና ነው። ሰውዬው ምን እንደሚፈልግ አንዴ ካወቅን ከሚፈልገው ጋር የሚጣሉትን ዓረፍተ ነገሮች መልቀም እንችላለን። ኮሎምበስ እስያ ደርሻለሁ ብሎ ያምን ነበር። ኩባ መጀመሪያ የቻይና አካል መስላው ነበር። ቻይና ማለት ትላልቅ ከተሞችና ንጉሥ ማለት ነው። ደብዳቤው ግን ምን ይላል? በባሕሩ ዳር ትናንሽ መንደሮች እንጂ ከተማ አላገኘሁም፤ ሰዎቹም ሲያዩን ይሸሻሉ። ሁለት ሰዎች ወደ መሐል አገር ልኬ ሦስት ቀን ተጉዘው መንደርና ሕዝብ እንጂ የመንግሥት ነገር አላዩም። ይህ ለእሱ መጥፎ ዜና ነው። ለሳንታንኼልም መጥፎ ዜና ነው። ማንም አስገድዶት አልጻፈውም። ስለዚህ አምነዋለሁ።

እንደዚሁ «ብዙዎች እንደሚጠብቁት ጭራቅ ሰዎች አላገኘሁም» ብሏል። አንባቢው ግን ጭራቅ እየጠበቀ ነበር፤ ጭራቅ ቢጽፍ ኖሮ ይሸጥለት ነበር። ባለ ጭራዎቹን ያስቀመጣቸው ራሱ ያልሄደበት አውራጃ ውስጥ መሆኑንም ልብ በሉ። ያየውንና የሰማውን የለየባቸው ቦታዎች አሉ፤ ወርቁ ጋ ሲደርስ ግን ይቀላቅላቸዋል። የሚያስፈልጋቸውን ያህል ወርቅ፣ ቅመምና ጥጥ፣ የሚያዙትን ያህል ባሪያ እሰጣለሁ ይላል። ይህ ሁሉ ወደፊት የሚሆን ነው። መዝገቡ ውስጥ የምናገኘው ወርቅ በአብዛኛው በዶቃና በደወል የተለወጠ ጥቂት ጌጥ ነው። በሂስፓኒዮላ ደሴት ወርቅ በእርግጥ ነበር። በቃሉ ልክ ግን አልነበረም።

አንድ አንባቢ እዚህ ጋ ሊይዘኝ ይገባል። ደብዳቤውን የምከሰው በመዝገቡ ነው፤ መዝገቡንስ ማን ጻፈው? ልክ ነው። የመዝገቡ ዋናው የለም፤ ጠፍቷል። ያለን ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ የተባለው ቄስ ከዓመታት በኋላ ከቅጂ ላይ ያሳጠረው ጽሑፍ ነው። አንዳንድ ቦታ የኮሎምበስን ቃል እንዳለ ያስገባል፤ በአብዛኛው ግን በራሱ አንደበት «አድሚራሉ እንዲህ አደረገ» ይላል። ላስ ካሳስም ዓላማ አለው። ዕድሜውን ያሳለፈው የነባሮቹን ሕዝቦች በደል በመናገር ነው። ስለዚህ የጓካናጋሪ ደግነት ረዘም ብሎ ሲነገር፣ «አንዲት ክር አልጠፋችም» ሲባል፣ እዚያ ጋ የላስ ካሳስ መቀስ እንደነበረ አስባለሁ። ሊያስቀረው የፈለገውን አስቀርቷል። ፈጠረው ግን አልልም።

የመርከቧ መሰበር ግን በላስ ካሳስ ብቻ የቆመ አይደለም። በኋላ የኮሎምበስ ቤተሰብ ከዘውዱ ጋር ለብዙ ዓመት ሲካሰስ መርከበኞች ተጠርተው መስክረዋል። ከእነሱም የፒንሶን ወገን ሆነው ኮሎምበስን ለማሳነስ የመጡ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በብዙ ነገር ከኮሎምበስ መዝገብ ጋር ይጣላሉ። «ሳንታ ማሪያ» እዚያ መቅረቷን ግን የካደ የለም። የሚጠላሉ ሰዎች፣ ተቃራኒ ጥቅም እያላቸው፣ አንድ ነገር ላይ ሲገናኙ ያ ነገር ይጠነክራል። ከዚያም በላይ ተራ ቆጠራ አለ። ከፓሎስ ወደብ ኦገስት 3 ቀን 1492 የወጡት ሦስት ናቸው፤ የተመለሱት «ኒኛ» እና «ፒንታ» ናቸው። መሪውን ልጅ ያዘው፣ ሌላ ያዘው የሚለውን ግን እንደዚህ አልተማመንበትም። ያ ዝርዝር ጥፋቱን ከኮሎምበስ ላይ ያነሳል፤ የመጣውም ከራሱ ከኮሎምበስ ነው።

ስለ ወረቀቱ እውነተኛነት የሚጠይቀኝም አይጠፋም። ያ ሌላ ጥያቄ ነው። የላቲኑ ቅጂ የታተሙ ጥንታዊ ወረቀቶች ከቤተ መጻሕፍት ተሰርቀው በሐሰተኛ ተተክተው ያውቃሉ፤ ከፍሎረንስ የተሰረቀ አንዱ አሜሪካ ተገኝቶ በ2016 ለጣሊያን ተመልሷል። ሐሰተኛውን ወረቀት የሚይዘው የቀለምና የወረቀት ባለሙያ ነው። እኔ የያዝኩት ችግር ግን ወረቀቱ መቶ በመቶ እውነተኛ ቢሆንም ይቀራል። ጽሑፉ የኮሎምበስ ነው፤ ኮሎምበስ የጻፈውም ይህንኑ ነው።

ማስታወሻዬ ላይ የኩባን መስመር ሰርዤ በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦ «ስለ ደሴቶቹ ስፋትና ሀብት፦ አይታመንም። ስለ ከተማ አለመኖር፦ ይታመናል። ስለ ናቪዳድ፦ ምሽጉ እውነት፣ ምክንያቱ ሐሰት። በ1493 ኮሎምበስ ሳንታንኼልን ምን ሊያሳምን ይፈልግ እንደነበር፦ ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም።»

ኮሎምበስ በዚያው ዓመት፣ በሴፕቴምበር ወር፣ 17 መርከቦች ይዞ ወደ ደሴቶቹ ለመመለስ ተነሳ። ናቪዳድ የደረሰው በኖቬምበር መጨረሻ ነው። በዚህ ጉዞ አብሮ የነበረው ሐኪም ቻንካ ያየውን ጽፏል፦ ምሽጉ ተቃጥሏል፤ ከቀሩት ሰዎች በሕይወት የተገኘ የለም። ያን ጊዜ ባርሴሎናና ሮም ታትሞ የወጣው ደብዳቤ ምሽጉን ከዓመት በላይ የሚበቃ ስንቅ ያለው፣ ከአገሩ ንጉሥ ጋር በወንድማማችነት የሚኖር አድርጎ ይተርክ ነበር።